ሩት ቴስት 1 ሲሰጠን ምን እናድርግ?

ይህ ጥያቄ እዚህ ደጋግሞ ስለተነሳ በደንብ እንየው። የሲሪየሱ ተርም በሙሉ n ፓወር ላይ ከሆነ ሩት ቴስት ይመቻል፤ የተርሙን አብሶሉት ቫልዩ ወስደን n-ኛ ሥር ስናወጣ ፓወሩ ይጠፋል። የቀረውን n እጅግ ሲያድግ ወዴት እንደሚጠጋ እናያለን። ሊሚቱን L እንበለው። L ከ1 ካነሰ ሲሪየሱ ኮንቨርጅ ያደርጋል፣ ከበለጠ ዳይቨርጅ ያደርጋል። እስከዚህ ማንም አይሳሳትም።

ችግሩ L = 1 ሲሆን ነው። ይህን ተርም ውሰዱ፦

(n/(n+1))^n

ሥሩን ስናወጣ n/(n+1) ይቀራል፣ ሊሚቱም 1 ነው። ብዙዎች «n/(n+1) ሁልጊዜ ከ1 ያንሳል፣ ስለዚህ ኮንቨርጅ ያደርጋል» ይላሉ። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። የሚታየው ሊሚቱ እንጂ እያንዳንዱ ቁጥር አይደለም። ሊሚቱ 1 ከሆነ ቴስቱ ምንም አልነገረንም፤ ሌላ መንገድ እንፈልግ። እዚህ ላይ ቀላሉ ተርሙን ራሱን ማየት ነው። (n/(n+1))^n ወደ 1/e ይጠጋል፣ ማለትም ወደ 0.37 ገደማ። ተርሞቹ ወደ ዜሮ ካልሄዱ ድምሩ ሊረጋ አይችልም። ስለዚህ ዳይቨርጅ ያደርጋል።

አሁን ፓወሩን ብቻ እንቀይር፦

(n/(n+1))^(n²)

n-ኛ ሥር ሲወጣ n² በ n ይካፈላል፣ ስለዚህ ፓወሩ n ሆኖ ይቀራል እንጂ አይጠፋም። የቀረው (n/(n+1))^n ነው፣ L = 1/e። ከ1 ያንሳል፤ ኮንቨርጅ ያደርጋል።

L = 1 ሁልጊዜ ዳይቨርጅ ነው ማለት ግን አይደለም። 1/n እና 1/n² ሁለቱም L = 1 ይሰጣሉ፤ የመጀመሪያው ዳይቨርጅ፣ ሁለተኛው ኮንቨርጅ ያደርጋል።