ከትኩሳት፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከኃይለኛ የክብደት ቅነሳ በኋላ ስለሚረግፍ ፀጉር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ፀጉሬ መርገፍ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ሻምፑ ስቀይር ነው፤ ጥፋቱ የሻምፑው ነው።»

ብዙ ሰው የመርገፉን ምክንያት የሚፈልገው በተሳሳተው ሳምንት ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ፀጉር በሰውነት ላይ ለደረሰ ጉዳት ምላሹን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። በራስ ላይ በአማካይ 100,000 ገደማ ፀጉር አለ፤ እያንዳንዱም የራሱን ዑደት ለብቻው ይከተላል። ከ2 እስከ 6 ዓመት ሲያድግ ይቆያል፤ ይህ ጊዜ አናጅን ይባላል። ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ዕድገቱን ያቆምና ቴሎጅን ወደሚባለው የዕረፍት ጊዜ ይገባል፤ በዚህም ጊዜ ሳያድግ፣ ነገር ግን ሳይወድቅም፣ ሦስት ወር ያህል በቦታው ተተክሎ ይቆያል። ጤናማ በሆነ ሰው ራስ ላይ ከአሥር ፀጉር አንዱ ገደማ በዚህ ዕረፍት ላይ ይገኛል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 10,000 ፀጉር በ100 ቀን ውስጥ ተራ በተራ ቢወድቅ በቀን 100 ይሆናል ማለት ነው፤ በየቀኑ ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ኃይለኛ ትኩሳት፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ወይም ምግብን በድንገት እጅግ መቀነስ በሰውነት ላይ ሲደርስ፣ ገና ለዓመታት ሊያድጉ ይችሉ የነበሩ ብዙ ፀጉሮች በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባሉ። በዕረፍት ላይ ያሉት ከአሥር አንድ መሆናቸው ቀርቶ ከአሥር ሦስት ቢሆኑ፣ ያው ስሌት በቀን 300 ያህል ይሰጠናል። ይሁን እንጂ እነዚህም ፀጉሮች የዕረፍት ጊዜያቸውን በቦታቸው ሳይጨርሱ ስለማይወድቁ፣ በሕመሙ ሳምንት በመስታወት የሚታይ ምንም ነገር የለም። የሕክምና ባለሙያዎች ቴሎጅን ኢፍሉቪየም የሚሉት መርገፍ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ፣ ሰውየው ድኖ ሕመሙን በረሳበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ፀጉሩ በብዛት መርገፍ የጀመረበት ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ነገር ቀን መቁጠሪያ ይዞ ወደ ኋላ ሦስት ወር ያህል መቁጠርና በዚያ አካባቢ ምን እንደደረሰበት ማስታወስ ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ማደንዘዣውን ነው። በእርግጥ ግን የቀዶው ጉዳት፣ የፈሰሰው ደም፣ ከቀዶው በኋላ የመጣ ትኩሳትና ያለ በቂ ምግብ የታለፉት ቀናት ተደራርበው ስለሚሠሩ፣ አንዱን ነጥሎ ተጠያቂ ማድረግ አስቸጋሪ ነው። ክብደት ለመቀነስ ሲባል በሚደረግ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ላይ ደግሞ ሁለት ምክንያቶች ይገናኛሉ፤ ቀዶው ራሱና እሱን ተከትሎ የሚመጣው ፈጣን የክብደት መቀነስ።

«ፀጉሩ ከነሥሩ እየተነቀለ ነው፤ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አያለሁ። ከእንግዲህ አይበቅልም።»

ያ ነጭ ጉብታ ሥር አይደለም። የዕረፍት ጊዜውን ጨርሶ የወደቀ ፀጉር ከቆዳው ውስጥ የነበረው ጫፉ ደርቆና ጠንክሮ ትንሽ ክብ ይሠራል፤ የተሠራውም ፀጉሩ ራሱ ከተሠራበት ከኬራቲን ነው። ፀጉርን የሚያበቅለው ፎሊክል ከቆዳው ሥር ሳይነካ ይቀራል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ አሮጌው ፀጉር በሚወድቅበት ሰዓት ከሥሩ አዲሱ ማደግ ጀምሯል። ከቴሎጅን ኢፍሉቪየም በኋላ መመለስ የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ፎሊክሉ አልጠፋም፣ ወደ ጠባሳነትም አልተለወጠም፣ ያረፈው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው።

አዲሱ ፀጉር መምጣቱን ለማወቅ ደማቅ ብርሃን ባለበት ቦታ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዳር ያሉትን አጫጭር ፀጉሮች ማየት ይጠቅማል። አዲስ የበቀለ ፀጉር ጫፉ ሹልና ቀጭን ሲሆን፣ በሙቀት ወይም በኬሚካል የተሰበረ ፀጉር ግን ጫፉ የተቆረጠ ይመስላል፤ ነጩ ጉብታም የለውም። ይህ ልዩነት ቀላል ቢመስልም የመርገፍን ችግር ከመሰበር ችግር ይለያል፤ የሁለቱ መፍትሔ ደግሞ አንድ አይደለም።

«ካላጠብኩትና ካላበጠርኩት አይረግፍም።»

ማጠብና ማበጠር የሚያወርደው አስቀድሞ ከሥሩ የተለቀቀውን ፀጉር ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታጠብ ሰው የሰባት ቀኑን በአንድ ጊዜ ስለሚያይ ይደነግጣል፤ ማጠቡን ወደ ሁለት ሳምንት ቢያራዝመው ድንጋጤው እጥፍ ይሆናል እንጂ የሚድን ፀጉር የለም። ፀጉርን መላጨትም ከቆዳው ሥር ያለውን ዑደት አይለውጥም። መርገፉ እየቀነሰ መሆኑን ለመከታተል የሚፈልግ ሰው በእኩል ቀናት ልዩነት እየታጠበ የሚወርደውን ያነጻጽር፤ በየቀኑ መቁጠር ግን ጭንቀትን ከማብዛት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

«ለፀጉር የሚሸጠውን ቪታሚን ብወስድ ቶሎ ይቆማል።»

ዛሬ የሚረግፈው ፀጉር ወደ ዕረፍት የገባው ከወራት በፊት ስለሆነ፣ ዛሬ የተዋጠ ክኒን ሊመልሰው አይችልም። ባዮቲን የሚባለው ቪታሚን ባልጎደለበት ሰው ላይ ባዮቲን መርገፍን ያቆማል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ከዚህም በላይ በብዛት የሚወሰድ ባዮቲን አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ስለሚያዛባ፣ የታይሮይድ ምርመራ ለሚያደርግ ሰው የተሳሳተ ውጤት ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከምርመራ በፊት ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ቪታሚን ኤ እና ሴሊኒየም ከመጠን ሲያልፉ ደግሞ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ፤ ሁለት ሦስት ዓይነት «የፀጉር ክኒን» በአንድ ላይ የሚወስድ ሰው ሳያውቀው ከመጠን ሊያልፍ ይችላል።

የተገኘ እጥረትን መተካት ግን ሌላ ነገር ነው። የብረት እጥረት ያለበት ሰው ብረት ያስፈልገዋል፤ እጥረቱ የሚታወቀውም በደም ምርመራ፣ በተለይም በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፈሪቲን በመለካት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ፈሪቲን በኢንፌክሽንና በብግነት ጊዜ ስለሚጨምር፣ ትኩሳቱ ገና ሳይለቅ የተለካ ፈሪቲን እጥረቱን ሊሸፍን ይችላል። ሰውነት ካገገመ በኋላ የተለካው የበለጠ ይታመናል።

በክብደት ቅነሳ ምክንያት የሚመጣው መርገፍ በአንድ ነገር ይለያል። ትኩሳት መጥቶ ያልፋል፤ ኃይለኛ ቅነሳ ግን ሰውየው እስካላቆመው ድረስ ይቀጥላል። በጣም ጥቂት ምግብና ጥቂት ፕሮቲን እየበሉ ወራት መግፋት አዳዲስ ፀጉሮችን ወደ ዕረፍት መላኩን ስለማያቆም፣ ማገገሚያው የሚቆጠረው አመጋገቡ ከተስተካከለበት ቀን ጀምሮ ነው። በእኔ አመለካከት በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ከክኒን በፊት ሊሰጠው የሚገባው ምክር በቂ ምግብ መብላትና ክብደትን ቀስ ብሎ መቀነስ ነው።

«አምስት ወር አለፈኝ፣ ፀጉሬ ግን አሁንም ሳስቷል፤ እንግዲህ በዚሁ ሊቀር ነው።»

መርገፍ መቆሙና ፀጉር መሙላቱ ሁለት የተለያዩ ቀናት አሏቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ከጠበቅነው በላይ ረጅም ነው። ለምሳሌ ፀጉሯ 30 ሳንቲሜትር የሚረዝም፣ በሳንባ ምች ታማ ለአንድ ሳምንት ከ39 ዲግሪ በላይ ትኩሳት የነበራት አንዲት ሴት እናስብ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምንም አታይም። በአሥረኛው ሳምንት ገደማ ትራሷ ላይና በማበጠሪያዋ ላይ ፀጉር ይበዛል፤ በአራተኛው ወር ስታስረው የሚያዘው እፍኝ እንደ ቀጠነ ይሰማታል። በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር የሚወርደው እየቀነሰ ይሄዳል፤ በግንባሯ ዳርም የማይተኙ አጫጭር ፀጉሮች ይታያሉ።

ከዚህ በኋላ የሚወስነው የዕድገት ፍጥነት ነው። ፀጉር በወር የሚያድገው 1 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሕመሙ ዓመት ሲሞላው የመጀመሪያዎቹ አዳዲስ ፀጉሮች 8 ወይም 9 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ ከሥሩ አጠገብ ሲዳሰስ ፀጉሯ ሞልቷል፣ ከአንገቷ በታች ግን አሁንም ቀጭን ነው። ይህን ጫፉን ብቻ አይታ «አልዳንኩም» ብትል ትሳሳታለች። አዲሱ ፀጉር 30 ሳንቲሜትሩን ለመድረስ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ያስፈልገዋል፤ እስከዚያው ጫፉን ማሳጠር ፍጥነቱን ባይጨምርም ልዩነቱን ያጠብባል። ፀጉሩ አጭር የሆነ ሰው ግን ሙላቱን ከዚህ እጅግ ቀድሞ ያያል።

«ከሕመም በኋላ የመጣ መርገፍ ሁሉ በራሱ ይመለሳል፤ ሐኪም ማየት አያስፈልግም።»

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚሠራው መርገፉ በእርግጥ ቴሎጅን ኢፍሉቪየም ከሆነ ነው። ይህ ዓይነቱ መርገፍ ከራስ ሁሉ እኩል ያሳሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይመልጥም፤ የራስ ቆዳውም ጤናማ ሆኖ ይታያል። እንደ ላሽ ክብ ሆኖ የተራቆተ ቦታ ካለ፣ ቆዳው ከቀላ፣ ከቆሰለ፣ ከተቀረፈ ወይም የሚያም ከሆነ፣ ቅንድብም አብሮ ከረገፈ፣ ሌላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል መታየት አለበት። በልጆች ላይ ቆረቆርን ማሰብ ይገባል። ሕክምናው በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በካንሰር መድኃኒት የሚረግፍ ፀጉርም ሌላ ነው፤ በዚያ የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለው ፀጉር ስለሆነ ሦስት ወር አይጠብቅም።

መርገፉ ከስድስት ወር ካለፈ ምክንያቱ አሁንም እየሠራ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የደም ማነስን፣ የብረት እጥረትንና የታይሮይድ ዕጢን ይመረምራል፤ መርገፉ ከመምጣቱ ከወራት በፊት የተጀመሩ መድኃኒቶችንም ይጠይቃል። መድኃኒቱን ግን በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም። ምሳሌ ያደረግናት ሴትም መርገፉ ቆሞላት ሳለ ከዓመት በኋላ መሐል ላይ የምትሰነጥቀው የፀጉር መስመር እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳቱ አስቀድሞ ቀስ ብሎ ይመጣ የነበረውን በዘር የሚተላለፍ የፀጉር መሳሳት ገልጦት ሊሆን ይችላል። ያ በጊዜ ብቻ የማይመለስ፣ ቀድሞ ሲጀመር የተሻለ ውጤት የሚሰጥ የራሱ ሕክምና ያለው ነው፤ ስለዚህ የቆዳ ሐኪም ጋ ስትሄድ በተለያዩ ወራት ከላይ የተነሣቻቸውን የራሷን ፎቶግራፎች ይዛ ብትሄድ፣ ሐኪሙ መስመሩ መቼ መስፋት እንደ ጀመረ በቀላሉ ያያል።