ከ«ሃይ ዶክ» ወደ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር»፦ ለዩኒቨርሲቲ መምህር የሚላክ መልእክት

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪና የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪው ብዙውን ጊዜ የሚገናኙት በቴሌግራም ወይም በስልክ መልእክት ነው። ችግሩ ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራውም እዚያው መሆኑ ነው። ጣት የለመደውን ይጽፋል። ውጤቱ ይህን ይመስላል፦

«ሃይ ዶክ፣ ቻፕተር 3ን አየኸው? ነገ ማስገባት አለብኝ፣ ፕሊስ ቶሎ በለኝ»

ስድብ የለበትም። ግን መምህሩን እኩያ አድርጎታል፣ በዚያ ላይ ሥራ አዞታል።

መጀመሪያ የሚስተካከለው አጠራሩ ነው። «ዶክ» በግቢው ውስጥ የተለመደ ቢሆንም ከአፍ አልፎ በጽሑፍ ሲመጣ ይቀልላል። «ዶክተር» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል፤ ስም ከተጨመረ ደግሞ የራሳቸው ስም እንጂ የአባታቸው ስም አይደለም። ማዕረጉንም ማጣራት ያስፈልጋል። አሜሪካ ኮሌጅ የሚማር የእኛ ልጅ አስተማሪውን ሁሉ «ፕሮፌሰር» ቢል ያስኬደዋል። እኛ ዘንድ ግን «ፕሮፌሰር» የሚባለው ሙሉ ፕሮፌሰርነት ያገኘ ሰው ነው። ዶክትሬት ያለው ረዳት ፕሮፌሰር «ዶክተር» ይባላል፤ ዶክትሬት የሌለው «መምህር» ቢባል ማንም አይከፋውም።

ዋናው ሥራ ያለው ግሡ ላይ ነው። «አየኸው» «አዩት» ይሆናል፣ «ላክልኝ» «ይላኩልኝ»፣ «ቢሮህ» «ቢሮዎ»፣ «ላስቸግርህ» «ላስቸግርዎ»። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያው ላይ አይደለም። በ«እርስዎ» ጀምሮ መሐል ላይ ሲቸኩል «ቢሮህ ልምጣ?» ብሎ ያመልጠዋል። እንዲህ የተቀላቀለ መልእክት ከጅምሩ «አንተ» ካለው የባሰ ያስተዛዝባል፤ አክብሮቱ ከላይ የተለጠፈ ያስመስለዋልና። ከመላክ በፊት ማጣራት ቀላል ነው፦ በ«ህ» ወይም በ«ሽ» የሚያልቁትን ቃላት፣ እንደ «አየኸው» እና «ላክልኝ» ያሉትንም ግሦች እየለቀሙ ማየት።

አንድ ወጥመድ አለ። የአክብሮቱ ግሥ ከብዙ ቁጥሩ ጋር አንድ ነው። «ገምጋሚዎቹ ካዩት በኋላ ይፈርማሉ?» ተብሎ ቢጻፍ ፈራሚዎቹ ገምጋሚዎቹ ናቸው ወይስ አማካሪው? አይታወቅም። «እርስዎ ይፈርማሉ?» ሲባል ግን ይለያል። ስለዚህ ሌላ ሰው በተጠቀሰበት መልእክት ውስጥ «እርስዎ»ን ቢያንስ አንዴ በግልጽ መጻፍ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ጥያቄው ይለዝባል። «ይላኩልኝ» የአክብሮት ቢሆንም ያው ትእዛዝ ነው። አማርኛ ለዚህ «ቢ»ን ሰጥቶናል፦ «ቢልኩልኝ»፣ «ቢያዩልኝ»፣ «ቢነግሩኝ»። «ፕሊስ»ን በ«እባክዎ» መተካት ብቻ አይበቃም፤ «እባክዎ ቶሎ ይበሉልኝ» አሁንም ያጣድፋል። ጥድፊያው በምክንያት ይተካ፦ ማስገቢያው መቼ እንደሆነ ከተነገራቸው መቸኮሉን ራሳቸው ያውቁታል። መዘግየቱ የተማሪው ከሆነም በአንድ ሐረግ ማመን ነው።

ላኪው ማን እንደሆነ መግለጽም ይረሳል። አማካሪው ብዙ ተማሪ አለው፤ የቴሌግራም ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅጽል ስም ነው። ስም ከነአባት፣ የትምህርት ክፍልና ዓመት ይበቃል። ያ መልእክት ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪዎ እገሊት እገሌ ነኝ። ሰኞ የላክሁልዎትን ምዕራፍ 3 ተመልክተውት ይሆን? ለትምህርት ክፍሉ የማስገቢያው ቀን ነገ ነው፤ ዘግይቼ በመላኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጊዜ ካገኙ ቢያንስ ስለ ናሙና አመራረጡ ክፍል አስተያየትዎን ቢነግሩኝ። አመሰግናለሁ።»

ጥያቄው ማነሱን ልብ ይሏል። ለነገ ሙሉ ምዕራፍ አንብቡልኝ ማለት፣ በምንም ቃል ቢሸፈን፣ ድፍረት ነው።

ከዚህ በላይ መሄድ ግን አያስፈልግም። «ክቡርነትዎ»፣ «በታላቅ ትሕትና ከእግርዎ ሥር» የመሳሰለው በስልክ መልእክት ውስጥ ሲገባ ማመልከቻ ይመስላል፤ አንዳንዱ መምህር እንዲያውም ፌዝ አድርጎ ያየዋል። በአንጻሩ ወጣት መምህር «አንተ በለኝ» ቢል፣ ፊት ለፊት እንደዚያ ማውራት ይቻላል፤ በጽሑፍ ግን ብዙ ተማሪ «እርስዎ»ን መተው ይከብደዋል። እኔም ባይተወው እመርጣለሁ። ለሴት መምህርት ደግሞ ጉዳዩ እንዲያውም ይቀላል፤ «እርስዎ» ጾታ አይለይም።

መልስ ካልመጣ በቴሌግራም ሁለት ጭረት ታየ ብሎ «ዶክተር???» መላክ የተሠራውን ሁሉ ያፈርሳል። ጥቂት ቀን ጠብቆ «ዶክተር እንደምን ሰነበቱ፣ ስለ ምዕራፍ 3 ላስታውስዎ ብዬ ነው» ማለት ይበቃል። መልሱ ሲመጣም ባዶ «እሺ» አይላክም፤ «እሺ ዶክተር፣ አስተካክዬ እልክልዎታለሁ» ይባላል።