መመሪያ የሚያረቀው ባለሙያ እና የሚፈርመው ሹም

«ተመራጩ ፖሊሲ ይወስን፣ ባለሙያው ዝም ብሎ ይፈጽም።»

አራት ኪሎ አካባቢ ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር ይህን መስማት ሰልችቶኛል። እንዲህ የሚል ሰው አንድም ቀን መመሪያ አርቅቆ አያውቅም።

ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ ዋናውን ነገር ብቻ ይደነግጋል። ዝርዝሩ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ የቀረው ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ይተዋል። አንድ አዋጅ «የመክፈል አቅም የሌላቸው ከአገልግሎት ክፍያ ነፃ ይሆናሉ» ይላል እንበል። አቅም የሌለው ማን ነው? አዋጁ አይነግረንም፤ ባለሙያው ነው ቁጭ ብሎ የሚጽፈው። በወር ገቢ ይለካ ካለ ደመወዝተኛው በቀላሉ ይጣራል፤ መርካቶ ዕቃ ተሸክሞ የሚያድረው ግን ምን ማስረጃ ያመጣል? የወረዳ ደብዳቤ ይቅረብ ካለ መታወቂያ ያላወጣው ተከራይ ውጭ ይቀራል። ሰውየው ራሱ ፈርሞ ያረጋግጥ ካለ ደግሞ ሰልፉ ያጥራል፣ በጀቱ ግን ይናጋል። ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚቀር የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ለሹሙ የውሳኔ ሐሳብ ይቀርባል። ሦስት አማራጭ፣ አንድ ገጽ። ባለሙያው ያመነበት አማራጭ ወጪው ተሰልቶ ሙሉ አንቀጽ ያገኛል፤ ሌሎቹ ሁለት ሁለት መስመር። ሹሙ «በቀረበው መሠረት ይፈጸም» ብሎ ይመራበታል። እንግዲህ ይህን ማን ወሰነው? ሁለቱም ናቸው።

የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ባለሙያው «ይህ አማራጭ ተከራዮችን ያስቀራል» ብሎ ስለጻፈ «ፖለቲካ ውስጥ አትግባ፣ ቁጥሩን ብቻ አቅርብ» ተባለ። ዓረፍተ ነገሩ ወጣ፤ ተከራዮቹም ቀሩ። መደረግ ያለበት የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ባለሙያው የመረጠበትን ምክንያትና የሚጎዳውን ወገን በግልጽ ይጻፍ፣ ሹሙም አይቶ ይፈርም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት ይቅረብ የሚለውም ምርጫው በቢሮ ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር ነው።

«አሜሪካዊው ምሁር ውድሮው ዊልሰን እኮ ፖለቲካንና አስተዳደርን ለያይቷቸዋል» የሚሉም አሉ። ዊልሰን ግን በ1887 እ.ኤ.አ. ይህን የጻፈው የመንግሥት ሥራ በፓርቲ ውለታ በሚታደልበት አገር ነበር፤ የፈለገው አስተዳደሩን ከዚያ ማዳን ነው። እዚያው ጽሑፍ ላይ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንዲሆን ሰፊ የመወሰን ነፃነት ያስፈልገዋል ብሏል።

«እንግዲያው ሁሉም ፖለቲካ ነው።» ይህም ስህተት ነው። ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ሲወጣ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ፤ በስም በሚታወቅ አንድ ሰው ወይም ድርጅት ጉዳይ ግን ሹሙ እጁን አያስገባ። ቅጥር፣ የደረጃ ዕድገት፣ ጨረታ እዚህ ይገባሉ። ከጨረታው በፊት ለጥራት ስንት ነጥብ፣ ለዋጋ ስንት ነጥብ ይሰጥ በሚለው ላይ ሐሳብ ቢኖረው ያስኬዳል፤ ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ለገምጋሚው ኮሚቴ ከደወለ ግን ኮሚቴው ስልኩን በቃለ ጉባኤ ይመዝግብ።