ዕቃው ሲዘገይ ለደንበኛ ምን ይባላል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ የግንባታ ማጠናቀቂያ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ደንበኛው ቀብድ ከፍሏል፣ ቀን ተነግሮታል፣ ዕቃው ግን በቀኑ አይደርስም። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ደምበላ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ የሚሠሩ አንድ አባት 180 ካሬ የወለል ሴራሚክ አዘዋል። ወጣቱ ነጋዴ «ሐሙስ ጥቅምት 6 ይደርስልዎታል» ብሏቸዋል። ማክሰኞ ጥቅምት 4 ላይ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቅለት ትራንዚተር ደወለ። ኮንቴነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቷል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም ቀርቧል፤ ግን በጉምሩክ የፍተሻ ምደባ ቀይ ወጥቶበታል። ይፈተሻል ማለት ነው።

«ቁርጡን ሳላውቅ ምን ብዬ ልደውል? አጣርቼ እነግራቸዋለሁ»

ማክሰኞ ዕለት አንድ ነገር ቁርጥ ሆኗል፤ ሐሙስ አይሆንም። ለደንበኛው ትልቁ ዜና ይኸው ነው። እሳቸው ለሐሙስ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ባለሙያ ከረዳቶቹ ጋር ቀጥረዋል። ማክሰኞ ከሰሙ ባለሙያው ሌላ ሥራ ይይዛል፣ ወይም ቀለም ይቅደም ይባላል። ሐሙስ ጠዋት ከሰሙ ግን ሰዎቹ ሳይት ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፣ የቀን ሒሳባቸውም ይከፈላል። የዕቃው መዘግየት አንድ ጉዳት ነው፤ የወሬው መዘግየት ሌላ ጉዳት ይጨምርበታል። ስለዚህ በሰሙበት ቀን ይደውሉ። አዲሱ ቀን ገና ካልታወቀ «ነገ 9 ሰዓት ላይ ቀኑን እነግርዎታለሁ» ማለት ይበቃል፤ በ9 ሰዓት ከደወሉ።

«ቅርብ ቀን ልስጣቸውና ይረጋጉ። ሞጆ እኮ እዚሁ ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሞጆ በእርግጥ ቅርብ ነው። ከሞጆ አዳማ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ግን ዕቃው የቆመው መንገድ ላይ አይደለም። ደንበኛ «ሞጆ ገብቷል» ሲባል ማታውኑ በራፉ ላይ የሚራገፍ ይመስለዋል። ነጋዴውም ራሱ በዚሁ ቅርበት ይሸወድና «ነገ» ይላል።

ቀኑ የሚሰላው ከቀሩት ሥራዎች ነው። አረንጓዴ ቢወጣ ኖሮ ዕቃው ብዙም ሳይቆይ በተለቀቀ ነበር። ቢጫ ቢሆን ሰነዱ ብቻ ይታይ ነበር። ቀይ ሲሆን ግን ኮንቴነሩ ተከፍቶ ዕቃው በዓይን ይታያል፣ ከሰነዱም ጋር ይመሳከራል። ተራ መጠበቅ አለ። ብዛቱ ወይም ዓይነቱ ከወረቀቱ ካልገጠመ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ መልቀቂያ፣ መኪና መያዝ፣ መጫን፣ እዚህ ደርሶ በወዛደር ማራገፍ ይቀራል።

ትራንዚተሩ «ነገ ያልቃል» ብሎ ይሆናል። እሱ ያለው ስለ ፍተሻው ነው፤ ደንበኛው የሚጠብቀው ማራገፉን ነው። ስለዚህ ወጣቱ ነጋዴ እንዲህ ቢያሰላ ይሻላል። ፍተሻው ረቡዕ ወይም ሐሙስ። መልቀቂያ ዓርብ። ቅዳሜና እሑድን እንደ ሥራ ቀን አይቁጠራቸው። ሰኞ መኪና ይዞ ይጫናል። ለደንበኛው የሚነገረው ማክሰኞ ጥቅምት 11 ነው። ሰኞ ማታ ቢደርስ ማንም አይቀየምም። ሰኞ ብሎ ማክሰኞ ካደረሰው ግን ሁለተኛ ጊዜ ቀጠሮ አፈረሰ። ሁለተኛው መዘግየት ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠውን ቀን የሚያምን የለም።

መፈተኛም ይኑረው። ፍተሻው እስከ ሐሙስ ማታ ካልተጀመረ ማክሰኞም ተናግቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዓርብ ላይ መደወል እንጂ ማክሰኞን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ከውጭ የሚመጣው ሰነድ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወረቀቱ ላይ ኦክቶበር 20 የሚለውን አይቶ «በ20 ይገባል» ያለ ነጋዴ፣ ጥቅምት 10ን አስቦ ደንበኛው ጥቅምት 20 እንዲሰማ ያደርጋል። የዕለቱን ስም፣ ወሩንና ሰዓቱን አንድ ላይ ይናገሩ።

«መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ ብል ይቀለኛል»

አዳማ ላይ ይህ አያዋጣም። ግማሹ ከተማ በጅቡቲ መስመር ሥራ ይኖራል። ደንበኛው የሚያውቀው ሹፌር ወይም ትራንዚተር አያጣም፤ አንድ ስልክ ደውሎ ዕቃው ከቆመ መኪና ላይ ሳይሆን ወደቡ ውስጥ መሆኑን ይሰማል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። እውነተኛው ምክንያት አጭር ነው፣ ሊጣራም ይችላል፦ «ጉምሩክ ለፍተሻ ይዞታል»። ከዚያ በላይ ዝርዝር አያስፈልግም።

«ያዘገየው ጉምሩክ ነው። እኔ ምን አጥፍቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ?»

ፍተሻው የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የእርስዎ አድርገው መውሰድም የለብዎትም። ግን ሐሙስ የሚለውን ቀን ማን ሰጠ? ፍተሻ ሊያጋጥም እንደሚችል እያወቀ ቀኑን እንደ ቁርጥ አድርጎ የተናገረው ነጋዴው ነው። ይቅርታው ለዚያ ይሁን። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው የማስታወቂያ ቋንቋ ግን ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም። ሰው ሲሰማው ወዲያው ይለየዋል። ወጣቱ ነጋዴ መጀመሪያ ይደውል፤ ቀኑ እንዳይረሳ ደግሞ ይህን በጽሑፍ ያስከትል፦

«ጋሼ እንደምን ዋሉ። ሐሙስ ጥቅምት 6 ይደርሳል ያልኩዎት 180 ካሬ ሴራሚክ በዚያ ቀን አይደርስም። ዕቃው ሞጆ ገብቷል፤ ጉምሩክ ለፍተሻ ስለያዘው ግን ገና አልተለቀቀም። አዲሱ ቀን ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ፍተሻ ሊኖር እንደሚችል ሳልነግርዎ ሐሙስን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ደውዬ የደረሰበትን እነግርዎታለሁ። ለሐሙስ ሠራተኛ ይዘው ከሆነ እባክዎ ዛሬውኑ ያሳውቋቸው።»

አይደርስም የሚለው ከላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከሦስት መስመር ሰላምታና ማብራሪያ በኋላ ቢመጣ ኖሮ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሳያነበው ሊያልፍ ይችል ነበር።

«ቅናሽ ካላደረግኩ ይቅርታዬ ባዶ ነው»

ቅናሽ ሐሙስ የቆመውን ሥራ አያስቀጥልም። ደንበኛውን የሚጠቅመውን እሳቸውን ጠይቆ መስማት ይሻላል። የመታጠቢያ ቤቱ የግድግዳ ሴራሚክ መጋዘን ውስጥ ካለ፣ ረቡዕ ቢላክላቸው ባለሙያው ሐሙስን በዚያ ይሠራል። መጠበቅ የማይችሉ ከሆነ ደግሞ ቀብዳቸው ያለ ክርክር ይመለስ። ይህን አስቀድሞ መናገር ከቅናሽ በላይ ያሳርፋል።

አንድ ነገር ግን አይደረግ። መጋዘን ውስጥ የቀረ ተመሳሳይ ሴራሚክ አለ ብለው ለወለሉ ማስጀመሪያ አይላኩ። ስሙና መጠኑ አንድ ቢሆንም በሌላ ዙር የተመረተ ከሆነ ቀለሙ በጥቂቱ ይለያል። ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ዙር ቁጥር ካልገጠመ ልዩነቱ ከተነጠፈ በኋላ መሐል ወለል ላይ እንደ መስመር ይታያል። ያን ለማስተካከል መፈንቀል ነው፤ እሱ ደግሞ ከአምስት ቀን መዘግየት የባሰ ነው።