ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ ምንድን ነው? የሰፕልመንት ሌብል ከጀርባው ሲነበብ

ሰፕልመንት የምትወስዱ ከሆነ ብልቃጡን አንሱና ጀርባውን አዙሩት። ፊት ለፊት በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ለሽያጭ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከኋላ፣ በመስመር በታጠረችው ሳጥን ውስጥ ነው። በአሜሪካ ሕግ በሚሸጡ ምርቶች ላይ የሳጥኗ ርዕስ «ሰፕልመንት ፋክትስ» ይላል፤ እዚህ የማወራውም ስለዚችው ሳጥን ነው። በተለይ ደግሞ ታችኛው ክፍሏ ላይ ስለሚመጣው «ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ» ስለሚል ሐረግ። ባጭሩ አምራቹ «ይሄ የራሴ ቅመማ ነው፤ ውስጡ ምን ምን እንዳለ እነግራችኋለሁ፣ የእያንዳንዱን መጠን ግን አልነግራችሁም» እያለ ነው።

ሐረጉን ብቻውን ባብራራው ግን ብዙ አይጠቅማችሁም። ከሱ በላይ ያሉትን መስመሮች ሳያነቡ ብሌንዱን ማስላት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሌብል ከላይ እስከ ታች አብረን እንይ። ሌብሉን ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ የማንም ድርጅት አይደለም።

«ጉልበት ይሰጣል» ተብሎ የሚሸጥ ካፕሱል ነው እንበል። ብልቃጡ ውስጥ 90 ካፕሱል አለ። የሳጥኑ የመጀመሪያ መስመር «ሰርቪንግ ሳይዝ 3 ካፕሱል» ይላል። ቀጥሎ ብረት 18 ሚሊግራም፣ 100 ፐርሰንት። ቫይታሚን ቢ12 500 ማይክሮግራም፣ 20,833 ፐርሰንት። ከዚያ ወፍራም መስመር አለ፤ ከመስመሩ በታች «ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ 1,500 ሚሊግራም» ይልና በቅደም ተከተል አምስት ነገሮች ይዘረዝራል፦ የአረንጓዴ ሻይ ኤክስትራክት፣ የጂንሰንግ ሥር፣ የጓራና ፍሬ ኤክስትራክት፣ ካፌይን፣ የቁንዶ በርበሬ ኤክስትራክት። ከሳጥኑ ውጪ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ጠዋት 3 ካፕሱል፣ ከሰዓት 3 ካፕሱል ይውሰዱ» የሚል አለ።

ከሰርቪንግ ሳይዝ እንጀምር። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ የተሰላው በዚህ መስመር ነው። ብረት 18 ሚሊግራም የሚለው በሦስት ካፕሱል ነው፣ በአንዷ 6 ብቻ ነው ያለው። አንድ ካፕሱል እየዋጠ «በቀን 100 ፐርሰንት ብረት አገኛለሁ» የሚል ሰው እያገኘ ያለው ሲሶውን ነው። ብዙዎቻችን የምንስተው ግን ከዚህኛው ይልቅ ሌላውን ነው። በአሜሪካው ደንብ ሰርቪንግ ማለት መመሪያው በአንድ ጊዜ እንድትወስዱ የሚላችሁ ከፍተኛው መጠን ነው እንጂ የቀኑ ጠቅላላ አይደለም። መመሪያው በቀን ሁለቴ ካለ ሳጥኑ የሚያሳየው የቀኑን ግማሽ ነው። ስለዚህ የኛ ብልቃጥ መመሪያውን የተከተለ ሰው በቀን የሚወስደው 36 ሚሊግራም ብረት ነው፣ 90 ካፕሱሉም ያለቀው በ15 ቀን ነው። ሳጥኑን ከማንበባችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ የምለው ለዚህ ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ እዩና እያንዳንዱን ቁጥር በዚያ አባዙት።

ቀጥሎ ያለው የፐርሰንቱ ዓምድ ነው፣ «ደይሊ ቫሊው» የሚባለው። ፐርሰንቱ የሚነግራችሁ በአንድ ሰርቪንግ ውስጥ ያለው መጠን ለሌብል ተብሎ ከተቀመጠ የቀን ማጣቀሻ ቁጥር ጋር ሲተያይ ስንት እንደሆነ ነው። ማጣቀሻው ደግሞ ለአዋቂውም ዕድሜው 4 ዓመት ለሞላው ልጅም አንድ ነው። ለጨቅላ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ሌሎች ቁጥሮች አሉ፤ ምርቱ ለነሱ ተብሎ ካልተዘጋጀ ግን ሌብሉ ላይ የምታገኙት የጋራውን ነው። ብረትን እንይ። የጋራው ማጣቀሻ 18 ሚሊግራም ነው። ለአዋቂ ወንድ የሚመከረው ግን 8 ነው፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ 27። ስለዚህ «100 ፐርሰንት» የሚለው ያው ጽሑፍ ለአንዱ ከሚያስፈልገው እጥፍ በላይ ነው፣ ለሌላዋ ደግሞ ጎዶሎ ነው። በቀን ሁለቴ ሲወሰድ 36 ይደርሳል ብለናል። ለአዋቂ የተቀመጠው የላይኛው ገደብ 45 ሚሊግራም ነው፤ ከምግብ የሚገኘው ብረት ሲጨመርበት የብረት እጥረት የሌለበት ወንድ ያለምንም ምክንያት ወደ ገደቡ እየተጠጋ ነው።

ቢ12 ላይ ያለው 20,833 ፐርሰንት ደግሞ ሰውን ያስደነግጣል፣ ወይም ያስጎመጃል። ሁለቱም አያስፈልግም። የቢ12 የቀን ማጣቀሻ 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ 500 ማይክሮግራም ለዚያ ሲካፈል ቁጥሩ እንዲህ ይተኮሳል። ሰውነት በአፍ ከተወሰደ ትልቅ መጠን የሚቀበለው ትንሿን ክፍል ነው፣ የላይኛው ገደብም አልተቀመጠለትም። ልብ በሉ እንግዲህ፦ በዚሁ ሌብል ላይ 20,833 ከሚለው ይልቅ 100 የሚለው ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። የፐርሰንቱ ትልቅነት ጥራትንም አደጋንም አይነግራችሁም። ገደብ ያላቸውን፣ ማለትም ብረትን፣ ዚንክን፣ ቫይታሚን ኤን የመሳሰሉትን ስታዩ በሚሊግራሙ ወይም በማይክሮግራሙ አስሉ።

አሁን ወደ ብሌንዱ። መጀመሪያ ፐርሰንት መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ የመስቀል ምልክት ታያላችሁ። ከሳጥኑ ግርጌ ፍቺው «ደይሊ ቫሊው አልተቀመጠለትም» ይላል። ምልክቱ ማጣቀሻ ቁጥር እንደሌለ ነው የሚነግራችሁ፤ አይጎዳም ማለት አይደለም፣ አይሠራም ማለትም አይደለም።

ደንቡ አምራቹን በብሌንድ ላይ የሚያስገድደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጠቅላላውን ክብደት መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ውስጡ ያሉትን ከከባዱ ወደ ቀላሉ በቅደም ተከተል መደርደር አለበት። የእያንዳንዱን ክብደት ግን መደበቅ ይችላል። ማጣቀሻ ያላቸውን ቫይታሚንና ማዕድናት በብሌንድ ስም መሸፈን አይፈቀድለትም፤ እነሱ ከነመጠናቸው ለብቻ መጻፍ አለባቸው። ለዚህ ነው የሚደበቁት አብዛኛውን ጊዜ ዕፅዋት፣ አሚኖ አሲድና አነቃቂዎች የሚሆኑት። ደግሞ ሁሌም «ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ» ተብሎ አይጻፍም። «ኮምፕሌክስ»፣ «ማትሪክስ»፣ «ፎርሙላ» ወይም የራሱ የንግድ ስም ሊኖረው ይችላል። መለያው አንድ ነው፦ ለብዙ ስሞች አንድ ክብደት ብቻ ከተጻፈ ብሌንድ ነው።

ቅደም ተከተሉ ግን ትንሽ ቀዳዳ ይከፍትልናል፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ካፌይኑ አራተኛ ላይ ነው። ከሱ በፊት ያሉት ሦስቱ እያንዳንዳቸው ከሱ አያንሱም። ስለዚህ አራቱ ሲደመሩ ከ1,500 ሊበልጡ ስለማይችሉ ካፌይኑ ከ1,500 አንድ አራተኛ፣ ማለትም ከ375 ሚሊግራም፣ ሊበልጥ አይችልም። ሕጉ ቀላል ነው፦ ጠቅላላውን በተራ ቁጥሩ አካፍሉት፣ የዚያ ነገር ጣሪያ እሱ ነው። ሁለተኛው ከ750 አይበልጥም፣ ሦስተኛው ከ500፣ አምስተኛው ከ300። ለመጀመሪያው ደግሞ ወለል አለው፦ አምስት ነገሮች ስላሉ ከ300 ሊያንስ አይችልም።

ታዲያ የካፌይኑ ጣሪያ 375 መሆኑ ምን ይነግረናል? የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቋም፣ ኤፍዲኤ፣ ለአብዛኛው ጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን በጥቅሉ ችግር እንደማያመጣ ይጠቅሳል። የኛ ብልቃጥ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ ስለሆነ የቀኑ ጣሪያ 750 ይሆናል። በዚያ ላይ ጓራናውም አረንጓዴ ሻዩም በራሳቸው ካፌይን አላቸው፣ «ካፌይን» ተብሎ በተጻፈው ውስጥ ግን አልተቆጠሩም። ቡናችሁ ሲጨመር ደግሞ አስቡት። እውነተኛው መጠን 20 ሚሊግራምም ሊሆን ይችላል። ችግሩ እሱ ነው፦ በ20 እና በ375 መካከል ያለው ልዩነት በእንቅልፍ ማጣትና በልብ ምት የሚታወቅ ልዩነት ነው፣ ሌብሉ ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው የሚያሳያችሁ። ቅደም ተከተሉ የክብደት እንጂ የጉልበት አይደለምና ካፌይን ከታች መጻፉ አያዝናናችሁ።

ይኸው ስሌት በተቃራኒው ደግሞ በስም ብቻ የገባን ነገር ያጋልጣል። ጠቅላላው 2 ግራም የሆነ ብሌንድ አገኛችሁ እንበል፣ ክሬቲን ሦስተኛ ላይ ተጽፏል። ጣሪያው 667 ሚሊግራም ገደማ ነው። ክሬቲን ለጡንቻ ብለው ሰዎች በተለምዶ የሚወስዱት በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ነው። እንዲህ ያለው ብሌንድ በአንድ ሰርቪንግ እዚያ ሊደርስ አይችልም፣ ክሬቲኑ የገባው ስሙ ሌብሉ ላይ እንዲታይ ነው ብል አላፍርም።

አምራቾች ብሌንድ የሚጠቀሙት ተፎካካሪ ቀመራቸውን እንዳይቀዳ እንደሆነ ይናገራሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ምስጢሩ የሚጠበቀው ከተፎካካሪው ብቻ አይደለም፣ ከሚውጠው ሰውና ከሐኪሙም ጭምር ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው የብልቃጡን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ለፋርማሲስት ቢያሳይ፣ ፋርማሲስቱ ስሞቹን እንጂ መጠኑን አያገኝም። አረንጓዴ ሻይን ብቻ እንይ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ኢጂሲጂ የሚባለውን የአረንጓዴ ሻይ ንጥረ ነገር በሰፕልመንት መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ የጉበት ኤንዛይም ከፍ ከማለት ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ከኛ ሌብል የምናውቀው ደግሞ የአረንጓዴ ሻይ ኤክስትራክቱ ከ300 ሚሊግራም እንደማያንስ ብቻ ነው፣ ያውም በአንድ ሰርቪንግ። ከኤክስትራክቱ ስንት ፐርሰንቱ ኢጂሲጂ እንደሆነ የትም አልተጻፈም።

በሌብሉ ላይ የዩኤስፒ ወይም የኤንኤስኤፍ ማኅተም ካለ አንድ ገለልተኛ አካል ምርቱን ፈትሿል ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ውጤታማነቱን አይመሰክርም። በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ ሰፕልመንት ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የኤፍዲኤን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሌብሉ የአምራቹ ቃል ነው።

እኔ ይህን ብልቃጥ ባገኝ ሌብሉ ላይ ባለው አድራሻ ለአምራቹ አንድ ጥያቄ እልክ ነበር፦ «በአንድ ሰርቪንግ ከሁሉም ምንጭ ሲደመር ስንት ሚሊግራም ካፌይን አለ?» ቁጥር ከመለሱልኝ በሁለት አባዝቼ ከቡናዬ ጋር እደምረዋለሁ። «ምስጢራችን ነው» ካሉኝ መልሼ አስቀምጠውና የእያንዳንዱን መጠን ለብቻ የጻፈውን እፈልጋለሁ።