የክፍያ ማረጋገጫ ምንድን ነው?

አሜሪካ ትምህርት አግኝተው ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ የሚወርዱ ልጆች አንድ ነገር ያምታታቸዋል። «ገንዘቡ ከካርዱ ተቆርጧል፣ የባንኩም መልእክት ደርሷል፤ ሌላ ምን ቀረ?» ይላሉ። ደረሰኙ ቀረ። የባንኩ መልእክት ገንዘቡ ከካርዱ መያዙን ብቻ ነው የሚናገረው። የክፍያ ማረጋገጫ የሚባለው ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን በእናንተ ስምና ቁጥር መዝግቦ የሚሰጠው ደረሰኝ ነው።

የ I-901 ክፍያን እንውሰድ፤ SEVIS ለሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ የሚከፈል ነው። በ F-1 የተማሪ ቪዛ የሚሄድ ከቪዛው ክፍያ ሌላ 350 ዶላር fmjfee.com ላይ ይከፍላል። ተራው የኤቲኤም ካርድ ለዚህ አይሆንም፤ ለውጭ ክፍያ የተከፈተ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ በራሱ ካርድ ይከፍላል። ይህ ችግር የለውም። ወሳኙ የካርዱ ባለቤት ማንነት አይደለም፤ ቅጹ ላይ የሚሞላው የተማሪው መረጃ ነው።

ስህተት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ደሴ ያለችው ልጅ ለሚከፍልላት ወንድሟ የልደት ቀኗን በስልክ «7/5» ብላ ነገረችው እንበል። ጥር 7 ማለቷ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ የሚፈለገው ፓስፖርቷ ላይ ያለው የፈረንጆቹ ቀን ነው። ደግሞም አሜሪካኖቹ ወሩን ያስቀድማሉ፤ 7/5 እነሱ ጋ ጁላይ 5 ነው። ስሙም እንደዚያው ነው። ትምህርት ቤቱ የላከላት የ I-20 ቅጽ የአያቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ከጻፈ፣ እዚህም ያው መሆን አለበት። በ N የሚጀምረው የ SEVIS ቁጥር አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ክፍያው ከመዝገቧ ጋር አይገናኝም። በቃል ከመንገር የ I-20ውን ፎቶ በቴሌግራም መላክ ይሻላል።

ሌላው ጭንቅ «ክፈል» የሚለው ከተነካ በኋላ ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። ቶሎ ብሎ ደግሞ መንካት ሁለቴ ሊያስከፍል ይችላል። መጀመሪያ እዚያው ገጽ ላይ የክፍያውን ሁኔታ ማየት ነው። የ SEVIS ቁጥር፣ የቤተሰብ ስምና የልደት ቀን ይጠይቃል። ክፍያው ገብቶ ከሆነ ደረሰኙን ከዚያው ማተም ይቻላል። ካልገባ፣ ባንኩ ይዞት የነበረውን ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀናት በኋላ ይለቀዋል።

ደረሰኙ ሲወጣ በፒዲኤፍ አስቀምጡት። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ የገንዘቡን መጠንና ቀኑን ከ I-20ው ጋር እያስተያያችሁ አንብቡ። ከቃለ መጠይቁ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድሞ መክፈል ይመከራል። መብራት ሳይሄድ፣ መናኸሪያ ሳትደርሱ፣ እዚያው ደሴ ሁለት ቅጂ አሳትሙ። ቪዛው ከተመታ በኋላም አትጣሉት፤ አሜሪካ ስትገቡ አየር ማረፊያ ላይ ሊጠየቅ ስለሚችል ከ I-20ው ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዝ።