እኩል ጠጥተው አንዱ ደህና፣ ሌላዋ የምትሰክረው ለምንድን ነው?

«እኩል ጠጥተን እኔ ብቻ ሰከርኩ፤ ጉበቴ ደካማ ነው ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ የሚጀምረው ጉበት ላይ ሳይሆን አልኮሉ በሚሰራጭበት የሰውነት ውሃ ላይ ነው።

5 በመቶ አልኮል ያለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል ይይዛል፤ ሦስቱ 39 ግራም። 80 ኪሎ የሚመዝን ወንድና 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት በባዶ ሆድ ቶሎ ቶሎ ቢጠጡት፣ በተለመደው ስሌት የእሱ ደም በሊትር ወደ 0.7 ግራም፣ የእሷ ወደ 1.3 ግራም ይደርሳል። እሷ ክብደቷ ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ የሴት ሰውነት በኪሎ ሲሰላ የሚይዘው ውሃ ከወንድ ያንሳል።

ጉበት አልኮሉን በአንድ ኢንዛይም አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር፣ በሌላው ደግሞ ጉዳት ወደሌለው አሴቴት ይለውጣል። የመጀመሪያው ኢንዛይም ቶሎ አቅሙ ስለሚሞላ ብዙ ስለተጠጣ አይፈጥንም። በደም ውስጥ ያለው አልኮል በሰዓት በሊትር 0.15 ግራም ገደማ ቢቀንስ፣ ደማቸው ከአልኮል እስኪጸዳ እሱ 5፣ እሷ 9 ሰዓት ያህል ያስፈልጋቸዋል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር ይህን አያሳጥርም። አስቀድሞ መብላት ግን አልኮሉ ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ስለሚያደርግ ከፍተኛውን መጠን ይቀንሳል።

ፍጥነቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም የተለመደ ነው። በብዙ የምሥራቅ እስያ ሰዎች ዘንድ ሁለተኛው ኢንዛይም በዘር ደካማ ስለሆነ፣ አሴታልዴሃይዱ ተከማችቶ በትንሽ መጠጥ ፊት ይቀላል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ያቅለሸልሻል።

አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ደግሞ አእምሮው ስለለመደ የሰከረ አይመስልም፣ ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ግን ያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ መኪና መንዳት አደገኛ ነው።